በጋራ የሚገዛ ቤት፦ ድርሻ በየትኛው ቀን፣ በምን ይለካል?

*ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ በነርስነት እሠራለሁ። አዲስ አበባ ካለው ታናሽ ወንድሜ ጋር ገና በግንባታ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በ5,400,000 ብር ልንገዛ ነው። ቅድመ ክፍያው 1,800,000 ብር ሲሆን እኔ 1,200,000፣ እሱ 600,000 እንከፍላለን። ቀሪው በ60 ወር፣ በየወሩ 60,000 ብር ይከፈላል፤ ከዚህ ውስጥ እኔ 25,000፣ እሱ 35,000 ልንከፍል ተስማምተናል። ሲያልቅ እኩል ስለምንሆን ቤቱ የሁለታችን እኩል ነው ብለናል። እሱ ባለትዳር ነው፤ እኔ አላገባሁም። «በእህትና በወንድም መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይለኛል። እኔ ግን አንዳችን መሃል ላይ መውጣት ብንፈልግ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ? እኔ እዚህ ስላለሁ የውክልና ሥልጣን የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ እሱው ይፈርምልኝ?*

ውድ እህታችን፣

ሒሳባችሁ ትክክል ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን በ60ኛው ወር መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። በዚያን ቀን ሁለታችሁም እያንዳንዳችሁ 2,700,000 ብር ከፍላችሁ ትገናኛላችሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ሁሉ ግን እኩል አይደላችሁም፤ በመጀመሪያው ቀን በመካከላችሁ ያለው ልዩነት 600,000 ብር ሲሆን፣ ወንድምዎ በየወሩ ከእርስዎ 10,000 ብር ስለሚበልጥ ልዩነቱ የሚጠበው በዚያው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ቤቱ የማን ነው?» የሚለው ሳይሆን «የእያንዳንዳችን ድርሻ ዛሬ ስንት ነው?» የሚለው ነው፤ መውጫውም፣ ውዝፉም፣ ውርሱም የሚሰላው ከዚህ መልስ ተነሥቶ ነውና።

ወንድምዎ ወረቀት አያስፈልግም ሲል በመካከላችሁ ምንም ደንብ የማይኖር መስሎት ይሆናል። እንዲያ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ንብረት ላይ ስማቸው ተጽፎ ድርሻቸው ካልተለየ ሕጉ ድርሻው እኩል እንደሆነ ይገምታል። ይህ ግምት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሠራ ነው። ውሉ በተፈረመ ማግስት ነገሩ ቢፈርስና ቅድመ ክፍያው ቢመለስ፣ 600,000 የከፈለው ወንድምዎ የ900,000 ብር ባለመብት ይሆናል፤ 300,000 ብር ከእርስዎ ኪስ ወደ እሱ ያልፋል ማለት ነው። ወንድምዎም ቢሆን ይህን የሚፈልግ አይመስለኝም። ይህንኑ ስሌት በወረቀት ላይ ጽፈው ቢያሳዩት ከብዙ ክርክር የተሻለ ያስረዳዋል።

እንግዲህ የድርሻውን አንቀጽ በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንደኛው ድርሻውን ከመጀመሪያው ግማሽ በግማሽ አድርጎ መወሰንና እርስዎ በቅድመ ክፍያው አብልጠው የከፈሉትን ገንዘብ ወንድምዎ በየወሩ የሚከፍለው ዕዳ አድርጎ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ድርሻው በማንኛውም ቀን እያንዳንዱ ለቤቱ በከፈለው ብር ልክ እንዲሆንና ሁሉም ክፍያ ሲጠናቀቅ እኩል እንዲሆን መስማማት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ወንድምን ባለዕዳ፣ እህትን ገንዘብ ጠያቂ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ግን የተከፈለውን ብቻ ይቆጥራል። አንቀጹ በእንዲህ ያለ አነጋገር ሊጻፍ ይችላል፦ «የተዋዋዮች ድርሻ ቅድመ ክፍያውንና ወርሃዊ ክፍያዎችን ጨምሮ እያንዳንዳቸው ለሻጩ ሒሳብ ገቢ ባደረጉት የብር መጠን ልክ ይሆናል፤ የቤቱ ዋጋ በስምምነታቸው መሠረት ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ሲጠናቀቅ ግን ድርሻቸው እኩል ይሆናል።» የመቀጫ ገንዘብ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያና የመመላለሻ ወጪ በዚህ ድምር ውስጥ እንደማይገቡም በግልጽ ይጻፍ። ሻጩ በውሉ መሠረት ዋጋ የሚጨምርበት አንቀጽ ካለ ጭማሪውን እኩል እንደምትሸከሙት ይታከልበት።

ይህ አነጋገር የሚሠራው ግን ማስረጃው ሲኖር ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት እህትማማቾች ቢሮዬ መጥተው አንድ ከረጢት ሙሉ የሐዋላ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። ታላቅየዋ ከውጭ አገር ለቤት ክፍያ ብላ የላከችው ገንዘብ ነበር። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስንገልጣቸው የአብዛኞቹ «የመላኪያ ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ለቤተሰብ ድጋፍ» የሚል ተጽፎባቸው አገኘናቸው፤ ላኪዋ ይህን የጻፈችው በመስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ምክንያቱን ሲጠይቃት መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣላትን ስለተናገረች ብቻ ነበር። ታናሽየዋም በቅን ልቦና የእናታቸውን መድኃኒትና የወር አስቤዛ ከዚያው ገንዘብ ስትሸፍን ኖራለች። የቱ ለቤቱ፣ የቱ ለእናታቸው እንደተላከ ሁለቱም በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን በመጨረሻ በግምት ተስማሙ።

እርስዎ እንዲህ እንዳይገጥምዎ የቤቱን ገንዘብ ከቤተሰብ ገንዘብ ጋር በአንድ ላይ አይላኩ። ቢቻል 25,000 ብሩ በቀጥታ ወደ ሻጩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ካልተቻለ በሁለታችሁ ስም ለዚሁ ብቻ የተከፈተ ሒሳብ ይኑራችሁና ክፍያው በየወሩ ከዚያ ይውጣ። በእያንዳንዱ መላኪያ ላይ «የቤት ወርሃዊ ክፍያ» ተብሎ ወሩ ይጠቀስ። ሻጩ የሚሰጠው ደረሰኝም የሁለታችሁን ስም የያዘ መሆን አለበት። ለእናትና ለአባት የሚልኩት ገንዘብ በሌላ ቀን፣ በሌላ መላኪያ ይሁን።

ወደ ወርሃዊው ክፍያ ስንመጣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። 25,000 እና 35,000 የምትሉት ክፍፍል በእናንተ መካከል ብቻ የሚሠራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 ሌላ ስምምነት ከሌለ የጋራ ባለዕዳዎች ለዕዳው በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ እንደሆኑ ይደነግጋል፤ ይህም ማለት ወንድምዎ ሥራ ቢያጣ ሻጩ 60,000ውን ብር በሙሉ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። «እኔ የራሴን ከፍያለሁ» የሚለው መልስ ውዝፍ እንዳይቆጠር፣ መቀጫ እንዳይመጣ ወይም ውሉ እንዳይሰረዝ አያደርግም። ስለዚህ አንዱ ሲያቅተው ሌላው የሚሸፍንበት አንቀጽ ያስፈልጋል።

የተሸፈነው ገንዘብ ምን ይባላል? ብድር ነው ወይስ ተጨማሪ ድርሻ? ይህ ሳይወሰን ከቀረ የሸፈነው ሰው ድርሻ ገዛሁ፣ የተሸፈነለት ሰው ደግሞ ተበደርኩ ብሎ ያምናል፤ የቤቱ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። እኔ የምመክረው መካከለኛውን ነው። እስከ ሦስት ወር ድረስ የተሸፈነ ክፍያ ያለ ወለድ በስድስት ወር ውስጥ የሚመለስ ብድር ይሁን፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመለሰ ወይም ከሦስት ወር ካለፈ በሸፋኙ ስም የተከፈለ ተቆጥሮ ድርሻውን ያሳድግ። ለምሳሌ ወንድምዎ አራት ወር ቢያቋርጥና እርስዎ 140,000 ብር ቢሸፍኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 105,000 ብር ብድር፣ የአራተኛው ወር 35,000 ብር ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። በመዘግየቱ የመጣውን መቀጫ ያዘገየው ሰው ብቻውን ይክፈል። እርስዎም ሥራ ሊለቁ ወይም ውልዎ ሊቋረጥ ስለሚችል አንቀጹ ለሁለታችሁም በአንድ ዓይነት ቃል ይጻፍ፤ ወንድምዎ ሲያነበው የተጻፈው በእሱ ላይ ብቻ አለመሆኑን ማየት አለበት።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሣዎት ጉዳይ እንምጣ። በ20ኛው ወር መውጣት ፈለጉ እንበል። እስከዚያ ድረስ እርስዎ 1,200,000 እና 500,000 በድምሩ 1,700,000 ብር፣ ወንድምዎ 600,000 እና 700,000 በድምሩ 1,300,000 ብር ከፍላችኋል፤ የሁለታችሁ 3,000,000 ብር ሲሆን ለሻጩ የሚቀረው 2,400,000 ብር ነው። ቤቱ ገና ካርታ ያልወጣለት ስለሆነ ያላችሁ በውል ላይ የተመሠረተ መብት ነው፤ የዚህ መብት ዋጋ እንዴት ይታወቃል? ቀላሉና ለክርክር የማይመቸው መለኪያ ሻጩ በዚያ ወር ተመሳሳይ ስፋትና ተመሳሳይ ወለል ላይ ያለውን ቤት ለአዲስ ገዢ የሚያቀርብበት ዋጋ ነው። ያ ዋጋ 7,200,000 ብር ሆኖ ቢገኝ፣ ካልተከፈለው 2,400,000 ብር በኋላ የእናንተ መብት 4,800,000 ብር ያወጣል።

ይህ ገንዘብ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ስምምነቱ ላይ እንደተጻፈው ይለያያል። በተከፈለው ብር ልክ ከሆነ የእርስዎ 2,720,000፣ የወንድምዎ 2,080,000 ብር ነው። ድርሻው ከመጀመሪያው እኩል ነው ከተባለ ለእያንዳንዳችሁ 2,400,000 ብር ይደርሳችኋል። ብዙ ቤተሰብ በቃል የሚስማማበት «የሚወጣ የከፈለውን ይዞ ይወጣል» የሚለው ደንብ ቢሆን ደግሞ እርስዎ 1,700,000 ብር ብቻ ተቀብለው ይሄዳሉ፤ 1,020,000 ብር ይቀርብዎታል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ደግ ይመስላል፤ ማንም አልተበደለም የሚያሰኝ መልክ አለው። ነገር ግን በውጭ ገንዘብ ለሚሠራ ሰው በተለይ ከባድ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር ከ57 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ የምንዛሬው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዚያን ጊዜ ሰው ከለውጡ በፊት ያስገባውን ብር ያንኑ ያህል ብር ብቻ ይዞ ቢወጣ ኖሮ የገንዘቡ አቅም ግማሽ ያህሉን ትቶ መውጣቱ ነበር። የቤቱን የወቅቱን ዋጋ የሚከተል መውጫ ግን ይህን ጉዳት በአብዛኛው ያክሳል፤ ብር ሲረክስ የቤቱ ዋጋም አብሮ ከፍ ይላልና። በዚህ ምክንያት ድርሻችን በዶላር ወይም በድርሃም ይመዝገብ የሚል አንቀጽ አያስፈልጋችሁም፤ የቤቱ ዋጋ በብር እስከሆነ ድረስ ሁሉም ክፍያ ለሻጩ በገባበት ቀን በብር ይመዝገብ። ዋጋው ከወረደ ጉዳቱም በዚያው ልክ እንደሚከፋፈል ይጻፍ፤ ትርፉን የሚካፈል ኪሳራውንም ይካፈላል።

ዋጋው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አከፋፈሉ ነው፤ ብዙ ስምምነት የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ወንድምዎ 2,720,000 ብር በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ደረጃ ይኑረው። መውጣት የፈለገው ሰው በጽሑፍ የሦስት ወር ማስታወቂያ ይስጥ፤ በዚህም ጊዜ ወርሃዊ ክፍያውን አያቋርጥ። ሌላው ማስታወቂያው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ድርሻውን ልግዛ ወይም አልግዛ ይበል፤ የቀዳሚነት መብት የእሱ ነው። እገዛለሁ ካለ ሩቡን በ60 ቀን፣ ቀሪውን በአንድ ዓመት ውስጥ ይክፈል፤ የመጨረሻው ብር እስኪከፈል ድረስ ግን የሚወጣው ሰው ስም ከሻጩ ጋር ከተደረገው ውል ላይ አይነሣ። አልገዛም ካለ የሚወጣው ሰው ድርሻውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም ሁለቱም መብታቸውን በአንድ ላይ ሸጠው በየድርሻቸው መካፈል ይችላሉ። ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የሻጩን ፈቃድ የሚጠይቅና የስም ማዛወሪያ ክፍያ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት የሻጩን ውል በዚህ ረገድ አንብቡት፤ ክፍያውንም የሚወጣው ሰው ይሸፍን። እንዲህ ያለ ደረጃ ሳይጻፍ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ አፓርታማ ተቆርሶ የማይካፈል ስለሆነ መጨረሻው በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን መካፈል ይሆናል፤ የሐራጅ ዋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የሚያስደስት አይደለም።

ቤቱን ከተረከባችሁ በኋላ ወንድምዎ ከቤተሰቡ ጋር የሚገባበት ከሆነ ለእርስዎ ድርሻ ኪራይ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው ያኔ ሳይሆን አሁን ይወሰን። ሞትም ቢሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስ፦ የሟች ወራሾች በድርሻው ልክ መብቱንም ዕዳውንም እንደሚተኩና በሕይወት ያለው ወገን በዚሁ የዋጋ ስሌት ቅድሚያ የመግዛት መብት እንዳለው።

የወንድምዎ ባለቤት ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ተፈጻሚ በሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ባለትዳር ከሥራው የሚያገኘው ገቢ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው። ወንድምዎ በየወሩ የሚከፍለው 35,000 ብር ከደመወዙ እስከሆነ ድረስ በቤቱ ላይ የሚያገኘው ድርሻ የባለቤቱም ጭምር ነው፤ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመውጫው አንቀጽ መሠረት ወንድምዎ ድርሻውን ለእርስዎ ሊሸጥ ቢስማማና ባለቤቱ ባትፈርም፣ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። የምመክርዎ ባለቤቱ የዛሬውን ስምምነት አንብባ፣ የድርሻውን ስሌትና የመውጫውን ሥርዓት እንደተቀበለች ገልጻ እንድትፈርም ነው። ይህን ከእሷ ተደብቆ የተሠራ ነገር አድርጋ እንዳታየው ጉዳዩን ከመጀመሪያው ንግግር ጀምሮ ትስማ። እርስዎም በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያገቡ ከዚያ በኋላ ከደመወዝዎ የሚከፍሉት የጋራ ሀብት ይሆናል፤ ከጋብቻ በፊት የከፈሉት 1,200,000 ብር የግልዎ እንደሆነ የሚያስረዳው የዛሬው ደረሰኝ ነውና በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

ስለ ፊርማው ለጠየቁኝ መልሴ፦ ወንድምዎ በዚህ ስምምነት ላይ በእርስዎ ስም አይፈርምልዎ። ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን በአንድ ወረቀት ላይ በራሱ ስም ተዋዋይ፣ በእርስዎ ስም ወኪል ሆኖ ሲፈርም ከራሱ ጋር መዋዋሉ ነው፤ ሕጉም ወካዩ እንዲህ ያለውን ውል እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሁለታችሁን ለማጽናት የተጻፈ ሰነድ ከመነሻው የሚነቀነቅ ይሆናል። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ልዩ ውክልና ለአጎት፣ ለአክስት ወይም ለጠበቃ ይስጡ። ሰነዱ ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። በዚሁ አጋጣሚ ለወንድምዎ ቀድሞ የሰጡትን ውክልና አውጥተው ያንብቡት። «ሊሸጥ፣ ሊለውጥ፣ በስጦታ ሊያስተላልፍ» የሚሉ ቃላት በልማድ ገብተውበት ይሆናል፤ ካሉ ክፍያ ለመፈጸም፣ ደረሰኝ ለመቀበልና ቤቱን ለመረከብ ብቻ በሚያገለግል አዲስ ውክልና ይተኩት፤ የቀድሞውንም በጽሑፍ ይሻሩ።

በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብት የሚፈጥር ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያዛል፤ ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ይፈርሙ፤ ሰነዱ ግን ይመዝገብ። ከሻጩ ጋር የሚደረገው የሽያጭ ውልም በወንድምዎ ስም ብቻ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ፤ ካርታው ሲወጣ የሚከተለው በዚያ ውል ላይ ያለውን የገዢ ስም ነው፤ በመካከላችሁ ያለውን ስምምነት ሻጩ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ የሻጩን ረቂቅ ውል ያስልኩና በእርስዎና በወንድምዎ ስም የሚለውን፣ የመቀጫውንና የስም ማዛወሪያውን አንቀጽ ያንብቡ። ከዚያ የእናንተን ስምምነት ረቂቅ ወንድምዎና ባለቤቱ በእርጋታ አንብበው አስተያየታቸውን ይስጡ። ልዩ ውክልናው አዲስ አበባ ደርሶ ከተመዘገበ በኋላ ሁለቱ ሰነዶች፣ የሽያጩ ውልና የድርሻ ስምምነቱ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈረሙ። 1,200,000 ብሩን ከዚያ በፊት አይላኩ።